«ብናቆመውስ?» ለቦርድ የሚቀርብ የዲጂታል ማስታወቂያ በጀት ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ

ሰኔ የበጀት ወር ነው። የበጀት ዓመታቸውን ሐምሌ 1 የሚጀምሩ ኩባንያዎች የየክፍሉን ጥያቄ ሰብስበው ቦርድ ፊት ይቀርባሉ። የምርት ክፍሉ ማሽን ይጠይቃል። የትራንስፖርት ክፍሉ ጎማና ነዳጅ ይላል። በእነዚህ ላይ ቦርዱ ብዙም አይጨቃጨቅም፤ ማሽኑ ይታያል፣ ጎማውም ይቆጠራል። የማርኬቲንግ ኃላፊው ተነስቶ «ለፌስቡክ፣ ለጉግልና ለቴሌግራም ማስታወቂያ 10 ሚሊዮን ብር» ሲል ግን ፊቶች መኮሳተር ይጀምራሉ።

ንግግሩ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። መጀመሪያ ስንት ተከታይ እንዳፈራን ይነገራል። ቀጥሎ ስንት ሚሊዮን ጊዜ እንደታየን የሚያሳይ፣ ወደ ላይ የሚወጣ መስመር ይመጣል። መጨረሻ ላይ ትልቁ ካርታ ይመዘዛል፦ «ላወጣነው ለእያንዳንዱ 1 ብር 8 ብር ሽያጭ አስገብተናል።» ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ በንግድ ያረጀ አንድ የቦርድ አባል መነጽሩን ያወልቅና ይጠይቃል፦ «ጥሩ ነው ልጄ። ግን ብናቆመውስ? ስንቱ ገዢ ይቀርብን ነበር?»

ለዚህ ጥያቄ መልስ ያለው ኃላፊ ብዙ አላየሁም። ጥያቄው ደግሞ የዋህ አይደለም። ከተከታዩም ከእይታውም በላይ ለገንዘቡ የሚበጀው እሱ ብቻ ነው። ስለዚህ ንግግሩ ከመጀመሪያው በዚህ ጥያቄ ዙሪያ ቢሠራ ምን ይመስል እንደነበር በአንድ ምሳሌ እንየው።

አዲስ አበባ ውስጥ ያለ፣ ሶፋና አልጋ የሚሠራ አንድ ድርጅት እናስብ። ድርጅቱ የምናብ ነው፤ ቁጥሮቹም ስሌቱ እንዲታይ ያመጣኋቸው ናቸው። አዲስ አበባ፣ አዳማና ሐዋሳ ሾውሩም አለው። በዓመት 1,500 ሶፋ በአማካይ በ80,000 ብር ይሸጣል፤ ድምሩ 120 ሚሊዮን ብር ነው። ከአንዱ ሶፋ እንጨቱ፣ ስፖንጁ፣ ጨርቁ፣ የእጅ ዋጋውና ማጓጓዣው ሲቀነስ 24,000 ብር ይተርፋል። ይህም የሽያጩ 30 በመቶ ነው። ባለፈው ዓመት ለዲጂታል ማስታወቂያ 6 ሚሊዮን ብር አውጥቷል። የማርኬቲንግ ክፍሉ ሪፖርት ከ1,500ው ሽያጭ 600ው በማስታወቂያ የመጣ ነው ይላል። 600 ሶፋ 48 ሚሊዮን ብር ነው። ለ6 ሲካፈል 8 ይሆናል። «1 ብር አውጥተን 8 ብር» የምትለዋ ቁጥር የመጣችው ከዚህ ነው።

እዚህ ስሌት ላይ ሁለት ነገር ጎድሏል። የመጀመሪያው ቀላል ነው። 48 ሚሊዮኑ ሽያጭ ነው እንጂ ትርፍ አይደለም። የቦርድ አባል ኪስ የሚደርሰው ከ48ቱ 30 በመቶው፣ ማለትም 14.4 ሚሊዮኑ ነው። ከዚያ ላይ የማስታወቂያው 6 ሚሊዮን ይቀነሳል። የሚቀረው 8.4 ሚሊዮን አሁንም ቆንጆ ቁጥር ነው። ብዙ አቅራቢዎች እዚህ ድረስ እንኳ አይመጡም። 8 የሚለውን ቁጥር ይዘው ይቀመጣሉ። በዚህ ድርጅት የትርፍ መጠን ግን 1 ብር ማስታወቂያ 3 ብር ከ33 ሳንቲም ሽያጭ ካላመጣ ኪሳራ መሆኑን ቦርዱ ማወቅ አለበት። የትርፍ መጠኑ 15 በመቶ የሆነ ነጋዴ ቢሆን ኖሮ 6 ብር ከ67 ሳንቲም ሽያጭ ያስፈልገው ነበር። ስለዚህ «8 እጥፍ» ብቻውን ጥሩም መጥፎም ሊባል አይችልም።

ሁለተኛው ጉድለት የከፋ ነው። 600ውን ሶፋ ለማስታወቂያው የሰጠው ማነው?

በእኛ አገር ሶፋ በድረ ገጽ ላይ ተከፍሎበት የሚያልቅ ግዢ አይደለም። ሰው ፎቶውን ፌስቡክ ላይ ያያል። «ዋጋ» ብሎ ኮሜንት ያደርጋል ወይም ይደውላል። ቅዳሜ ከሚስቱ ጋር መጥቶ ሶፋው ላይ ይቀመጥበታል፣ ስፖንጁን ይጫናል፣ ይከራከራል፣ ከዚያ ቀብድ ይከፍላል። ሽያጩን ከማስታወቂያው ጋር የሚያገናኙት እንግዲህ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው የሾውሩሙ ሠራተኛ «የት ሰምታችሁን ነው?» ብሎ መጠየቁ ነው። ደንበኛው «ፌስቡክ» ካለ ለማስታወቂያው ይመዘገባል፤ ምንም እንኳ በመጀመሪያ የነገረችው እህቱ ብትሆንም፣ ፌስቡክ ላይ ያየውም የተከፈለበት ማስታወቂያ ሳይሆን ተራ ፖስት ቢሆንም። ሁለተኛው ድርጅቱ የገዢዎቹን ስልክ ቁጥር ወደ ማስታወቂያው መድረክ ሲጭን ነው። መድረኩ ቁጥሮቹን ማስታወቂያውን ካሳያቸው ሰዎች ጋር ያመሳክራል። ለምሳሌ ፌስቡክን የሚያስተዳድረው ሜታ፣ ካልቀየሩት በስተቀር፣ ማስታወቂያውን ተጭኖ በ7 ቀን ውስጥ የገዛን ወይም ሳይጫን አይቶት በ1 ቀን ውስጥ የገዛን ሰው ለራሱ ይቆጥራል። ዓርብ ማታ ስልኩን ሲያገላብጥ ማስታወቂያው በዓይኑ ስር ካለፈ፣ ቅዳሜ ጠዋት አስቀድሞ ወስኖ ሾውሩም የሄደው ሰው የማስታወቂያው ፍሬ ሆኖ ይጻፋል።

ቤቱን ራሱ ፈልጎ ላገኘ ተከራይ በር ላይ ጠብቆ ኮሚሽን የሚጠይቅ ደላላ አታውቁም? ነገሩ እንደዚያው ነው። ደላላው አልዋሸም፤ በሩ ላይ ነበር። ግን ባይኖርም ቤቱ ይከራይ ነበር። በዚያ ላይ ማስታወቂያውን የሚሸጠው መድረክ የራሱን ውጤት ራሱ እየቆጠረ መሆኑን አንርሳ።

ይህ የትንንሽ ድርጅቶች ችግር ብቻ አይደለም። ኢቤይ የተባለው የአሜሪካ የኢንተርኔት ገበያ እ.ኤ.አ. በ2012 በውስጡ ባሉ የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች ፈትኖታል። ሰው የኩባንያውን ስም በመፈለጊያ ሲጽፍ ከላይ የሚወጣውን የተከፈለበት ማስታወቂያ በያሁና በማይክሮሶፍት መፈለጊያዎች ላይ አቆሙት። በማስታወቂያው ይመጣ ከነበረው ጎብኚ 99.5 በመቶው ከታች ባለው ነፃ ማገናኛ በኩል ገባ። ስሙን ጽፎ የሚፈልግ ሰው ድሮም ሊመጣ ነበር። ቀጥለው የኩባንያው ስም ባልተጻፈባቸው ፍለጋዎች ላይ የሚወጡትን ማስታወቂያዎች በአሜሪካ በተመረጡ አካባቢዎች ለሳምንታት አጠፉ። በሽያጭ ላይ የታየው ለውጥ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። አንድ ነገር ግን ተገኘ። ማስታወቂያው ኢቤይን በማያውቁና ከስንት አንዴ በሚገዙ ሰዎች ላይ ይሠራል። ደጋግመው በሚገዙት ላይ ግን ምንም። ገንዘቡ ደግሞ በአመዛኙ የሚሄደው ለደጋግመው ገዢዎቹ ነበር።

ወደ ሶፋው እንመለስ። ለቦርዱ ጥያቄ መልስ የሚገኘው በአንድ መንገድ ነው፦ በእርግጥ አቁሞ በማየት። ሁሉንም አይደለም፤ በአንድ ከተማ፣ ለተወሰነ ጊዜ። ድርጅታችን ሐዋሳን መረጠ እንበል። አዳማ ላይ ማስታወቂያው እንደወትሮው ይቀጥላል፤ ሐዋሳ ላይ ለ6 ሳምንት ይጠፋል። ሁለቱ ከተሞች የተመረጡት ባለፉት ወራት ሽያጫቸው አብሮ ከፍ ዝቅ ይል ስለነበር ነው። ዋጋና ቅናሽ በሁለቱም አይነካም። የሾውሩም ሠራተኞች ባይነገራቸው ይመረጣል፤ ከተነገራቸው የሐዋሳዎቹ «ማስታወቂያ የለም» ብለው ወይ ይሰንፋሉ ወይ እልህ ይገባሉ፤ ሁለቱም ፈተናውን ያበላሻል።

አዳማ ለምን አስፈለገ? ጊዜው ያስገድዳልና። ፈተናው የዋለው ዐቢይ ጾም ውስጥ ነው እንበል። በጾሙ ሰርግ የለም፤ ሰርግ ከሌለ ደግሞ የሙሽራ ቤት የሚያሟላ የለም። ስለዚህ ሽያጩ ማስታወቂያ ኖረም አልኖረም ይቀንሳል። ከዚያ በፊት በነበሩት 6 ሳምንታት አዳማ 50፣ ሐዋሳ 40 ሶፋ ሸጠው ነበር። በፈተናው ጊዜ አዳማ 45 ሸጠ። ማስታወቂያ እያለ እንኳ በ10 በመቶ ወርዷል ማለት ነው። ሐዋሳም ማስታወቂያ ቢኖረው ኖሮ በዚሁ ልክ ወርዶ 36 ይሸጥ ነበር። የሸጠው ግን 30 ነው። ማስታወቂያ በመጥፋቱ የቀረው ሽያጭ እንግዲህ 6 ነው። አዳማን ባናይ ኖሮ ከ40 ላይ 30 ቀንሰን «ማስታወቂያው 10 ሶፋ ያመጣል» ብለን በኩራት ቦርድ ፊት እንቀርብ ነበር።

ሪፖርቱ ደግሞ ከእነዚያ 36 ሶፋዎች ወደ 15 የሚሆኑት የማስታወቂያ ናቸው ይል ነበር። እውነተኛው 6 ከሆነ ከ15ቱ 40 በመቶው ብቻ ነው። ይህን ለዓመቱ እንመንዝረው። ከ600ው 240 ይሆናል። 240 ሶፋ በ24,000 ብር ሲባዛ 5.76 ሚሊዮን ብር ትርፍ ነው። የወጣው 6 ሚሊዮን ነበር። 8 እጥፍ አስገባ የተባለው ማስታወቂያ በዚያው ዓመት ሂሳብ 240 ሺህ ብር አክስሯል።

ልብ በሉ፤ እዚህ ላይ ማንም አልሰረቀም፣ ማንም አልዋሸም። ያው ገንዘብ፣ ያው ሽያጭ ነው። የተለወጠው ጥያቄው ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ ከቦርዱ በፊት ራሳችንን እንጠራጠር። 6 ሶፋ ትንሽ ቁጥር ነው። 36 ይጠበቅ የነበረ ሾውሩም ያለምንም ምክንያት 30 ወይም 42 ቢሸጥ ብርቅ አይደለም። ሁለት ደንበኛ ታሞ፣ አንዱ ደመወዝ ዘግይቶበት፣ ሦስቱ ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት መጥተው ሊሆን ይችላል። በዚህ ብቻ «40 በመቶ» ብሎ መማል አይቻልም። ለዚህ ሁለት መፍትሔ አለ። አንዱ ፈተናውን ገልብጦ መድገም ነው፦ በሌላ ጊዜ አዳማ ይጠፋል፣ ሐዋሳ ይበራል። ሌላው ከሽያጭ በፊት ያለውን፣ በቁጥር የሚበዛውን ነገር መቁጠር ነው። ስልክና መልእክት ማለቴ ነው። ሐዋሳ በ6 ሳምንት 450 ጥሪ ይጠበቅበት ከነበረና 360 ከመጣ፣ ልዩነቱ 20 በመቶ ነው፤ ይህ በአጋጣሚ የሚፈጠር መጠን አይደለም። ይህን ለመቁጠር ለየሾውሩሙ የተለየ ስልክ ቁጥርና ሳይሰለች የሚመዘግብ ሰው ያስፈልጋል። ቀላል ይመስላል፤ ሥራው የሚበላሸው ግን ብዙ ጊዜ እዚሁ ጋ ነው። ሠራተኛው ማታ ላይ ከትዝታ ሲጽፍ ሁሉም ደዋይ «ፌስቡክ» ይሆናል።

ሁለቱ መለኪያዎች አንድ ላይ ሲታዩ ድርጅታችን ሊል የሚችለው «እውነተኛው ድርሻ ከ30 እስከ 50 በመቶ ነው፣ 40 መሃሉ ነው» ብሎ ነው። በ30 ከሆነ ባለፈው ዓመት 1.68 ሚሊዮን ከስረናል። በ50 ከሆነ 1.2 ሚሊዮን አትርፈናል። ቦርድ ፊት አንድ ቁጥር ብቻ ይዞ መቆም ደፋር ያስመስላል። እኔ ግን የቦርድ አባል ብሆን ሁለቱን ዳር የሚነግረኝን ነው የማምነው።

ቀጣዩ ጥያቄ ከ6 ወደ 10 ሚሊዮን ይደግ የሚለው ነው። እዚህ ላይ አማካይ ያሳስታል። 6 ሚሊዮኑ በአማካይ ይህን አመጣ ማለት ተጨማሪው 4 ሚሊዮን ያንኑ ያመጣል ማለት አይደለም። መድረኩ ማስታወቂያውን መጀመሪያ የሚያሳየው ሊገዙ ለቀረቡት ነው። እነሱ ሲያልቁ ለእነዚያው ሰዎች ደጋግሞ ያሳያል፤ ከዚያም ሶፋ ጭራሽ ወዳላሰቡት ይሄዳል። ይህ መጀመሩ ሪፖርቱ ላይ ይታወቃል። አንድ ሰው ማስታወቂያውን በአማካይ ያየበት ብዛት ይጨምራል፣ የአንድ መልእክት ዋጋም ይወደዳል።

በድርጅታችን መዝገብ በወር 400 ሺህ ብር ሲወጣ ማስታወቂያው በእውነት ያመጣው 17 ሶፋ ገደማ ነበር። ወጪው 500 ሺህ ሲደርስ 20 ሆነ። የመጨረሻው 100 ሺህ ብር ያመጣው ታዲያ 3 ሶፋ ነው፤ ትርፉ 72 ሺህ ብር። 100 ሺህ አውጥቶ 72 ሺህ ማግኘት ምን ይባላል? አማካዩ ግን ይህን ይደብቀዋል። ስለዚህ 10 ሚሊዮን መጠየቅ ቀርቶ 6ቱም ይበዛል። በወር 400 ሺህ፣ በዓመት 4.8 ሚሊዮን ላይ ሲመለስ 204 ሶፋ ያመጣል፤ ትርፉ 4.896 ሚሊዮን ይሆናል። ከኪሳራ ወጥቶ ለጥቂት ያተርፋል። የማርኬቲንግ ኃላፊ የራሱን በጀት ቀንሶ ሲቀርብ አስቡት! ግን ሌላ ቦታ ሳይነካ የሚገኝ ገንዘብ ይህ ነው።

ቅነሳው የት ላይ ይሁን ለሚለው የኢቤይ ነገር ይጠቅማል። መጀመሪያ የሚወጣው የድርጅቱን ስም ጉግል ላይ ለሚጽፉ ሰዎች የሚከፈለው ነው። ተፎካካሪ በዚያ ስም ላይ ማስታወቂያ ካላስገባ በስተቀር ማለት ነው፤ ካስገባ ነገሩ ይለያል። ቀጥሎ ቀድሞ የገዙ ደንበኞች የስልክ ዝርዝር ማስታወቂያው እንዳይታያቸው መድረኩ ላይ ይጫናል። እነሱን በነፃ በቴሌግራም ቻናል ማግኘት ይቻላል።

ስለ ዶላር ሳይነሳ ይህ ንግግር ሙሉ አይሆንም። የእነ ፌስቡክና ጉግል ሂሳብ በዶላር ነው የሚታሰበው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ ያየነውን አስታውሱ። ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። በሰኔ 5.7 ሚሊዮን ብር ያጸደቀ ቦርድ 100,000 ዶላር የሚገዛ ማስታወቂያ ያጸደቀ መስሎት ነበር። አዲስ ዓመት ሳይገባ ያው ብር 57,000 ዶላር እንኳ አልሞላም። ማስታወቂያው በግማሽ ሊቀንስ ምንም አልቀረውም፤ የተገባው የሽያጭ ቃል ግን አልቀነሰም። በመስከረም «ዕቅዱ አልተሳካም» የሚል ወቀሳ የወረደው በማርኬቲንጉ ላይ ነው።

ስለዚህ ለቦርዱ የሚቀርበው ጣሪያ በብር ይሁን፤ ንግግሩ ግን የታሰበበትን ምንዛሪ በግልጽ ይናገር። 4.8 ሚሊዮን ብር በ150 ብር ሲመነዘር 32,000 ዶላር ነው። ዶላሩ 170 ቢገባ ያው ብር የሚገዛው 28,200 ገደማ ይሆናል። ያኔ የሚጠበቀው ሽያጭም አብሮ ይወርዳል እንጂ ተጨማሪ ብር አይጠየቅም። ክፍያው በወኪል ድርጅት በኩል ከሆነ ኮሚሽኑና 15 በመቶው ቫት የት ጋ እንደገባ ከፋይናንስ ክፍሉ ጋር አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል። ትክክለኛ ደረሰኝ የሌለው ወጪ ግብር ላይ ተቀናሽ ካልሆነ ዋጋው ከተባለው በላይ ነው። ይህን ቦርድ ፊት ከፋይናንስ ኃላፊው አፍ መስማት አይመከርም።

ቀሪው ነገር ደንበኛው ተመልሶ መምጣቱ ነው። ሶፋ የገዛ ሰው አልጋ፣ ጠረጴዛ ይፈልጋል። ከሽያጭ መዝገቡ ላይ ከ100 አዲስ ገዢዎች 20ው በሁለት ዓመት ውስጥ ተመልሰው በአማካይ 15,000 ብር ትርፍ ያለው ዕቃ ከገዙ፣ እያንዳንዱ አዲስ ገዢ 3,000 ብር ተጨማሪ ዋጋ አለው። 204 ሰው በ3,000 ብር ሲባዛ 612 ሺህ ነው። ይህን መናገር ተገቢ ነው። ግን ለብቻው ይነገር፤ ከዘንድሮው ትርፍ ጋር ተደምሮ አይቅረብ። ቁጥር ሲጠብ «የስም ግንባታ» እያሉ ቀዳዳ መድፈን የተለመደ ነው፤ ቦርዱም ይህን ለምዶታል።

እንግዲህ ንግግሩ ራሱ ይህን ይመስላል።

«ክቡር ሰብሳቢ፣ ክቡራን የቦርድ አባላት፤ ባለፈው ዓመት ለዲጂታል ማስታወቂያ 6 ሚሊዮን ብር አውጥተናል። ማስታወቂያው ባይኖር ስንት ሽያጭ ይቀርብን እንደነበር ለማወቅ ሐዋሳ ላይ ለ6 ሳምንት አጥፍተን ከአዳማ ጋር አነጻጽረናል። የእኛ ግምት 240 ሶፋ ይቀርብን ነበር የሚል ነው፤ ዝቅ ቢል 180፣ ከፍ ቢል 300። በመሃለኛው ግምት ከወጪው 240 ሺህ ብር ያነሰ ትርፍ አግኝተናል። የጎዳን የመጨረሻው 1.2 ሚሊዮን ብር ነው። ስለዚህ ለመጪው ዓመት የምንጠይቀው 5.2 ሚሊዮን ብር ነው። 4.8ቱ ለማስታወቂያ፣ 400 ሺው ለስልክ መስመሮች፣ ለመዝጋቢ ሠራተኛና ፈተናውን በሌሎች ከተሞች ለመድገም ይውላል። የምንጠብቀው ተጨማሪ ሽያጭ 204 ሶፋ፣ ትርፉም ወደ 4.9 ሚሊዮን ብር ነው። ዝቅተኛው 3.7፣ ከፍተኛው 6.1 ሚሊዮን ነው። ደንበኞች ተመልሰው ሲገዙ የሚመጣው 612 ሺህ ከዚህ ውጭ ነው፤ የሚገባውም በሁለት ዓመት ውስጥ ነው።»

ከዚህ በኋላ ሰነዱ ይከፈታል፤ ተከታይና ላይክ ካስፈለገ መጨረሻው ገጽ ላይ ይቀመጥ።

ይህን ያነበበ የማርኬቲንግ ሰው «ራሴን በራሴ ላስገምግም እንዴ?» ማለቱ አይቀርም። ስጋቱ ይገባኛል። ከጎኑ የተቀመጠው ኃላፊ 8 እጥፍ እያለ እሱ «ልክ በልክ ነን» ሲል ሞኝ ሊመስል ይችላል። ቦርዱም «ካላተረፈ ምን አደከማችሁ፣ ሙሉ በሙሉ ይቅር» ሊል ይችላል። መልሱ ቁጥሮቹ ውስጥ አለ። ሙሉ በሙሉ ቢቀር 204 ሶፋ ይቀራል። ያ ማለት በወር የ17 ሶፋ ሥራ ከአናጺዎቹና ከሰፊዎቹ እጅ ይወጣል፤ የሾውሩሙ ኪራይና የማሽኑ ዕዳ ግን አይቀንስም። የጠፋ ማስታወቂያ ጉዳቱ በመጀመሪያው ወር ሙሉ በሙሉ አለመታየቱንም መናገር ያስፈልጋል። ትናንት ያዩት ሰዎች ለሳምንታት መምጣታቸውን ስለሚቀጥሉ «አቆምን፣ ምንም አልሆነም» የሚለው ድምዳሜ ይቸኩላል።

ገንዘቡ በ12 ወር እኩል አይከፋፈል። በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ሾውሩም የሚገባው ሰው ጥቂት ነው። ትልቁ ድርሻ ለጥር ሰርግ ለሚዘጋጁት በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ከዚያም ከፋሲካ በኋላ ላለው የሰርግ ወቅት ይሁን። ቦርዱም 4.8 ሚሊዮኑን በአንድ ጊዜ መልቀቅ የለበትም። የመጀመሪያው ግማሽ ዓመት 2.4 ሚሊዮን ይለቀቅ። በጥር መጀመሪያ የጥሪ መዝገቡና የሁለተኛው ከተማ ፈተና ውጤት ይቅረብ። እውነተኛው ድርሻ ከ30 በመቶ በታች ሆኖ ከተገኘ ቀሪው 2.4 ሚሊዮን እንደማይለቀቅ ቃለ ጉባኤው ላይ አሁኑኑ ይጻፍ፤ ውጤቱን የሚያጣራውም ማርኬቲንጉ ሳይሆን ፋይናንሱ ይሁን።